መሶቡን በፎቶ ብቻ ለሚያይ ገዢ ምን ይጻፍለት? ዋጋውስ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እናቴ ስፌት ትሰፋለች። በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ዕቃዎቻችንን ሊያወጣልን ፎቶ፣ መግለጫና ዋጋ ጠየቀን። አንድ መሶብ፣ አንድ አገልግልና ሦስት ሙዳዮች አብረው የተነሡበትን ፎቶ ልኬ፣ ‹ውብ የባህል መሶብ፣ ከጣና ዳር፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ዋጋ በስልክ› ብዬ ጻፍሁ። ‹ይስተካከል› ተብሎ ተመለሰ። መሶቡ 50 ሳንቲሜትር ስፋትና ከነክዳኑ 60 ሳንቲሜትር ቁመት አለው። ገበያ ላይ በ3,000 ብር እንሸጠዋለን፤ ለሣርና ለቀለም 600 ብር ያህል ይወጣበታል፤ እናቴ በቀን አራት ሰዓት ያህል እየሰፋች በ15 ቀን ትጨርሰዋለች። ሱቁ ከሽያጩ 15 በመቶ ይወስዳል። መግለጫውን እንዴት ልጻፍ? ዋጋውንስ ስንት ልበል?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሱቁ የመለሰው ጽሑፉ ስላላማረ አይመስለኝም። ከፎቶው ጋር ሲነበብ ምን እንደሚሸጥ ስለማያሳውቅ ነው። በፎቶው አምስት ዕቃ ይታያል፤ ጽሑፉ ግን ስለ አንድ መሶብ ያወራል። ገንዘቡን ከፍሎ መሶቡ ሲደርሰው «ሙዳዮቹስ የታሉ?» የሚል ገዢ ጥፋተኛ አይደለም፤ ያየውን ነው የጠየቀው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ፎቶና የየራሱ መግለጫ ያስፈልገዋል። አብረው የተነሡበት ፎቶ ከዋናው ቀጥሎ ሊገባ ይችላል፤ ሥሩ ላይ ግን «የሚሸጠው በስተግራ ያለው መሶብ ብቻ ነው» ተብሎ ይጻፍ። መሶቡ ላይ ለማሳያ እንጀራ ተደርጎ ወይም አጠገቡ ሲኒ ተቀምጦ ከሆነም እነርሱ እንደማይካተቱ መነገር አለበት። ሲኒ ማስቀመጡን ግን እመክራለሁ፤ መጠኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለሌለ፣ ገዢው የዕቃውን ትልቅነት ቁጥር ሳያነብ ይገምታል። ፎቶው ከቀትር ፀሐይ ውጭ፣ በር አካባቢ ጥላ ውስጥ ይነሣ። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ ቀይ አለላ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣና «የታየው ሌላ፣ የመጣው ሌላ» የሚል ቅሬታ ያመጣል።

ከዚያ የሚከተለውን ጥያቄ ብዙ ሻጭ ይዘለዋል። ለገዢው የሚላከው በፎቶው ላይ ያለው መሶብ ራሱ ነው ወይስ እርሱን የሚመስል ሌላ? የፋብሪካ ሳህን ቢሆን ልዩነት የለውም። በእጅ በተሰፋ ዕቃ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። እናትዎ ያንኑ ጥለት ደግመው ቢሰፉት እንኳ አለላው በሌላ ድስት ስለሚቀለም ቀዩ ሊጠቁር፣ አረንጓዴው ሊደበዝዝ ይችላል፤ ስፋቱም በአንድ ወይም በሁለት ሳንቲሜትር ይለያያል። አሁን በእጅዎ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ «በፎቶው የሚያዩት ራሱ ይላካል፤ ያለው አንድ ነው» ይበሉ። እሱ ሲሸጥ በትእዛዝ የምትሰፉ ከሆነ ደግሞ ያ ሁለተኛ መግለጫ ነው፦ «በፎቶው ያለውን ተመሳሳይ በ20 ቀን ውስጥ እንሰፋለን፤ ቀለሙ ጥቂት ሊለይ፣ ስፋቱም እስከ 2 ሳንቲሜትር ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል»። ሥራው 15 ቀን ስለሚወስድ 15 ቀን ብለው አይጻፉ፤ በዓልም ለቅሶም አለ። ሁለቱን መግለጫዎች በአንድ ገጽ መቀላቀል ግን አይገባም፤ ገዢው የትኛውን እንደገዛ አያውቅም።

አሁን ወደ ልኩ። 50 ሳንቲሜትር ያሉት የት ላይ ተለክቶ ነው? አብዛኛው ሰው ሜትሩን ከክዳኑ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይዘረጋል። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው ግን እንጀራው የሚያርፍበትን ወለል ነው። ክዳኑን ያንሡት፣ ወለሉን ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ይለኩ፤ ቀጥሎ ሜትሩን አዙረው በመስቀለኛ አቅጣጫ ይድገሙት። በእጅ የተሰፋ ነገር ፍጹም ክብ ስለማይሆን ሁለት ቁጥር ያገኛሉ፤ የሚጻፈው ትንሹ ነው። ውጩ 50 የሆነ መሶብ ውስጡ 46 ቢሆን አይደንቀኝም፤ ከዚህ በታች ባሉት ምሳሌዎች 46 ብዬ እይዘዋለሁ። ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ስለዚህ በዚህ መሶብ ላይ ሙሉ እንጀራ ሲዘረጋ ጠርዙ ይታጠፋል። ይህን በግልጽ ቢጽፉት ገዢ አይሸሽም፤ ሳይነገረው ደርሶት ቢያየው ግን ዕቃው ይመለሳል። ቁመቱንም ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ ከነክዳኑና ያለ ክዳኑ። ያለ ክዳኑ ያለው ቁመት ሰው ተቀምጦ ሲበላ እጁ የሚደርስበት ስለሆነ፣ ዝቅተኛ በርጩማ ያለውና ሶፋ ላይ የሚቀመጠው ገዢ ሁለቱም ይፈልጉታል።

ስለ ሣሩ የጻፉትን «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚለውን ያውጡት። እናትዎን ይጠይቋቸው፤ መልሱ ምናልባት እንዲህ ይሆናል፦ ውስጡ ስንደዶ፣ መጠቅለያው አክርማ፣ ጥለቱ አለላ። አለላውን ያቀለመው ከገበያ የተገዛ የዱቄት ቀለም ከሆነ መቶ በመቶ የሚለው ቃል እውነት አይደለም። በአክርማ ፈንታ ባለቀለም የሱፍ ወይም የናይሎን ክር የገባበት ቦታ ካለም እንደዚያው ነው። ነውር የለበትም፤ ክር የገባበት ጥለት ደማቅ ስለሚሆን እሱን የሚመርጥ ገዢ ብዙ ነው። ብቻ ይጻፍ።

ቀለሙን ከመላክዎ በፊት ይፈትኑት። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥበው ጨምቀው አለላው ላይ ደጋግመው ይሹት፤ ቀይና ሐምራዊ የሆነው ላይ በተለይ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ጥሩ። ከቀላ ግን መሶቡ ወጥ የነካው እንጀራ በቀጥታ የሚያርፍበት አይደለም፤ መግለጫው ላይ «ቀለሙ በእርጥበት ስለሚለቅ ሰሌዳ ወይም ትሪ ተደርጎበት ይቀርባል» ተብሎ መጻፍ አለበት። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ሲጽፍ ዕቃውን ያረከሰ ይመስለዋል። ነጭ የበዓል ቀሚስ ለብሳ ማዕድ የምታቀርብ ገዢ ግን ቀሚሷ ቀልቶ ብታገኘው የምትጽፈው አስተያየት ከዚህ የባሰ ነው።

«ከጣና ዳር» የሚለው ላይም አንድ ነገር ልበል። ቦታውን መጥቀስ መልካም ነው፤ ባሕር ዳር የሚለው ስም ራሱ ገዢ ይጠራል። ነገር ግን ጣና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ነው። ስለዚህ «ከጣና ዳር» ብቻ ብሎ የተጻፈን አንባቢ «ከደንገል የተሠራ» ብሎ ይረዳዋል። በደንገል የሚሠሩ ቅርጫቶችና ምንጣፎች በሐይቁ ዳር በእርግጥ አሉ፤ መልካቸውም ጥንካሬያቸውም ከአክርማ ስፌት የተለየ ነው። እናትዎ የሚሰፉት አክርማና ስንደዶ ከሆነ «ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ» ይበሉ። «ጥንታዊ» የሚል ቃልም አይጨምሩ። ትናንት ያለቀ መሶብ ጥንታዊ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ፣ እንዲህ የሚል መግለጫ ያለበትን ዕቃ ይዞ የሚሄድ ገዢ አየር ማረፊያ ላይ አላስፈላጊ ጥያቄ ሊጠየቅበት ይችላል።

ዋጋው ላይ ከመድረሳችን በፊት የስፌቱን ጥራት በቁጥር መናገር የሚቻልበትን መንገድ ላሳይዎ፤ ምክንያቱም በፎቶ ሁለት መሶቦች ሲታዩ አንዱ 2,000 ሌላው 3,700 የሆነበት ምክንያት አይገለጥም። ስፌት እንደሚያውቁት ከእምብርቱ ተነሥቶ የሚዞር አንድ ረጅም ገመድ ነው፤ ስንደዶው በአክርማ እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተወጋ ካለፈው ዙር ጋር ይያያዛል። ገመዱ በቀጠነ ቁጥር ያንኑ ስፋት ለመሸፈን ረጅም መንገድ ይሄዳል። 50 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ወለል ብቻ እንውሰድ። ገመዱ አንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው የሚሰፋው ርዝመት 20 ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ሳንቲሜትር ሲሆን ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። በስፋት እኩል የሆኑ ሁለት መሶቦች፣ የአንዱ የእጅ ሥራ የሌላው እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ሜትሩን ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ ይዘርጉና በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንዳለ ይቁጠሩ። «በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 18 ዙር» የሚል አንድ ሐረግ «እጅግ ውብና ጥራት ያለው» ከሚለው የበለጠ ይሠራል፤ ሌላው ሻጭ ቆጥሮ ካልጻፈ ደግሞ ገዢው ራሱ ይጠይቀዋል። እምብርቱን በቅርብ ያነሣ አንድ ፎቶ ይጨምሩበት። ላላ ብሎ የተሰፋ ሥራ በመጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ብርሃን ላይ ሲያዝ ቀዳዳ ያሳያል።

ዋጋውን በተመለከተ «በስልክ» የሚለው አይጠቅምም። ገበያ ውስጥ ክርክር ወጉ ነው፤ ገዢውም ሻጩም ይተያያሉ። በስልክ ሲሆን ገዢው የሚጠረጥረው ዋጋው በሰው እንደሚለያይ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግሞ ብሩ በእሱ ላይ እንደሚጨመር እርግጠኛ ነው።

መጀመሪያ 3,000 ብር ራሱ ተገቢ መሆኑን እንመልከት። ከ3,000 ላይ የሣርና የቀለም 600 ሲቀነስ 2,400 ይቀራል። 15 ቀን በቀን አራት ሰዓት 60 ሰዓት ነው። የእናትዎ እጅ በሰዓት 40 ብር አገኘ ማለት ነው። ይበቃል ወይም አይበቃም የሚለውን የሚወስኑት እናትዎ ናቸው፤ እኔ ግን ቁጥሩን ሳያዩ ዋጋ መለጠፍ የለባቸውም እላለሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ስፌት ቡና እየተፈላ፣ ልጅ እየተጠበቀ ስለሚሰፋ ሰዓቱ አይቆጠርም፤ በትእዛዝ ሲሠራ ግን ቀን ተቆርጦበት የሚሠራ ሥራ ይሆናልና የትእዛዙ ዋጋ ከፍ ቢል ትክክል ነው። ይህ ስሌት ለእናንተ እንጂ ለገዢው አይጻፍም። «60 ሰዓት ተለፍቶበታል» የሚል ዋጋ ማስታወሻ ገዢን ያሳዝነው ይሆናል እንጂ አያስገዛውም።

3,000ን እንደ መነሻ ይዘን የሱቁን ድርሻ እንጨምር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። 15 በመቶ ስለተባለ 3,000 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 450 ብር ደምሮ 3,450 ይጽፋል። ሱቁ ግን የሚቆርጠው ከሽያጩ ዋጋ፣ ከ3,450ው ላይ ነው፤ ያ 517.50 ብር ነው፤ ለእናትዎ የሚደርሰው 2,932.50 ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ መደመር ሳይሆን ማካፈል ነው። ሱቁ 15 በመቶ ሲወስድ ለእናንተ የሚቀረው 85 በመቶ ስለሆነ፣ ማግኘት የሚፈልጉትን ገንዘብ ለ0.85 ያካፍሉ። ለካርቶንና ለመሙያ 150 ብር ወጣ እንበል፤ 3,150 ለ0.85 ሲካፈል 3,705.88 ይመጣል። 3,710 ብለው ይጻፉት። ሱቁ 556.50 ይወስዳል፤ 3,153.50 ይደርሳችኋል። ሱቁ ለቅናሽ ዘመቻ ዋጋ ሊቀንስ የሚችል ከሆነም ቅናሹ ከማን ድርሻ እንደሚወጣ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ለቅናሽ የተቀመጠ ትርፍ የለም።

የማድረሻውን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር አይቀላቅሉ፤ «ነጻ ማድረሻ» የሚለውንማ ፈጽሞ አይጻፉ። መሶብ ቀላል ነው፤ ቦታ ግን ይይዛል። በአውሮፕላን የሚልኩ ድርጅቶች ከክብደትና ከይዘት የሚበልጠውን ያስከፍላሉ። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲሜትር አባዝተው ብዙዎቹ ለ5,000፣ የአየር ጭነት ክፍሎች ደግሞ ለ6,000 ያካፍሉታል፤ ውጤቱ እንደ ኪሎ ይቆጠራል። ይህን መሶብ የሚይዝ 55 በ55 በ65 ካርቶን ሲባዛ 196,625 ነው። ለ5,000 ሲካፈል 39 ኪሎ ይሆናል፤ ሚዛን ላይ ግን መሶቡ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። በአውቶቡስ ጭነት ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ አይደለም፤ እዚያ የሚነጋገሩት ስለ ቦታው ነው፤ ግን በጆንያ ከተላከ ከላዩ ሌላ ዕቃ ተጭኖበት የክዳኑ ጫፍ ይጎብጣል። የሁለቱንም ዋጋ ካርቶኑን ለክተው ይጠይቁና በከተማ በከተማ ይጻፉት። በክዳኑ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ገንዘብ ነው፦ ሙዳዮቹ በወረቀት ተጠቅልለው እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ ገዢው አብሮ ከገዛቸው የማድረሻው ዋጋ አይጨምርም። ይህንን በመግለጫው ይንገሩት።

መሶቡ እንዲህ ቢጻፍ እወዳለሁ፦

«ባለክዳን የእንጀራ መሶብ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በእጅ የተሰፋ። የሚሸጠው በመጀመሪያው ፎቶ የሚታየው አንድ መሶብ ራሱ ነው፤ ሲኒው አይካተትም። ውስጡ ስንደዶ፣ መጠቅለያው አክርማ፣ ቀዩና አረንጓዴው ጥለት በዱቄት ቀለም የተቀለመ አለላ ነው። እንጀራ የሚያርፍበት ወለል 46 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፤ ሙሉ የምጣድ እንጀራ ሲዘረጋበት ጠርዙ ይታጠፋል። ውጩ 50፣ ቁመቱ ከነክዳኑ 60፣ ያለ ክዳኑ … ሳንቲሜትር። በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 18 ዙር ስፌት አለው። ቀዩ ቀለም በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ጥቂት ይለቃል፤ ሰሌዳ ወይም ትሪ ተደርጎበት ይቅረብ። አይዘፈዘፍም፤ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል። እርጥበት ከነካው ጥላ ላይ ይናፈስ፤ ፀሐይ ላይ የቆየ አለላ ይደበዝዛል።»

ዋጋውም እንዲህ፦

«3,710 ብር። መሶቡን ከነክዳኑና ማሸጊያውን ያጠቃልላል። ማድረሻ ለብቻው ይከፈላል፤ ባሕር ዳር ውስጥ … ብር፣ አዲስ አበባ … ብር። ከመሶቡ ጋር ሙዳይ ለሚገዛ የማድረሻ ዋጋ አይጨምርም። ይህ ዋጋ እስከ ኅዳር 30 የጸና ነው። ተሰብሮ ወይም ጎብጦ ከደረሰ በ2 ቀን ውስጥ ከነካርቶኑ ፎቶ ይላክልን።»

ቁጥሮቹን በራስዎ ልክ ይተኩ፤ ጨርቁ ንጹሕ ከወጣም የቀለሙን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙት። ቀኑን ያስገባሁት አክርማና ስንደዶ ከክረምቱ በኋላ የሚሰበሰቡ በመሆናቸው የሣሩ ዋጋ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ነው። የመመለሻውን ቃል ደግሞ ሱቁ ከሚከተለው ደንብ ጋር ያስማሙ።

አገልግሉ ሌላ ጠባይ አለው። ከውጭ ቆዳ ስለለበሰ ገዢው ካርቶኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው ሽታውን ነው። ሽታውን የሚያውቅ ይወደዋል፤ የማያውቅ ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል። «አዲስ የቆዳ ሽታ አለው፤ ክፍት ሆኖ ጥላ ላይ ሲናፈስ እየቀነሰ ይሄዳል» ይበሉ። ማንጠልጠያው ከምን እንደተሠራና ውስጡ ስንት ሳንቲሜትር እንደሆነ ይጻፉ፤ እዚህ እንጀራው ታጥፎ ስለሚገባ የጥልቀቱን ልክ ማወቅ ከስፋቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ወደ ውጭ አገር እልካለሁ የሚል ገዢ ከመጣ ደግሞ፣ ቆዳና ደረቅ ሣር በአንዳንድ አገሮች መግቢያ ላይ ስለሚመረመሩ የተቀባዩን አገር ደንብ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ይንገሩት።

ሦስቱ ሙዳዮች በመጠን የሚበላለጡና አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ከሆኑ በአንድ ዋጋ እንደ አንድ ስብስብ ይሸጡ። የሚይዙት ቦታ የትልቁን ያህል ብቻ ስለሆነ ማድረሻው ይረክሳል። እኩል ከሆኑ ግን ለየብቻ ያውጧቸው፤ ያኔ ሦስት ፎቶ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከማሸግዎ በፊት። የሐይቁ እርጥበት በክረምት ስፌት ውስጥ ይገባል። መሶቡን ገልብጠው ሥሩን ያሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ ወይም ግራጫ ብናኝ ካለ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ ክዳኑን ከፍተው እስኪደርቅ ያቆዩት። ከተቀመጠበት ቦታ ሥር እንደ ዱቄት የደቀቀ ሣር ካገኙ ነፍሳት ገብተውበታልና አይላክ። በፕላስቲክ ጠቅልለው አይሸጉት፤ መንገድ ላይ ይሻግታል። ወረቀትና ካርቶን ይበቃዋል።